ደብዳቤው ጠብም ልመናም እንዳይሆን፦ ያልተከፈለ ሂሳብ የሚጠየቅበትን ጽሑፍ ስለማረም

ጥያቄ፦ «አነስተኛ የእንጨትና የብረት ሥራ ድርጅት አለኝ። ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ኮመዲኖ ሠርተን አስረከብን፤ ቀሪው ግማሽ ክፍያ ግን ቀኑ ካለፈ ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል። አሁን ስልክም አያነሱም። የመጠየቂያ ደብዳቤ አርቅቄ ባለቤቴ ስታነበው ‹ይህ ለጠብ የተጻፈ ነው› አለችኝ፤ ወንድሜ ደግሞ ‹ይህ ልመና ነው› አለኝ። ረቂቁንና ውሉን ልኬልዎታለሁ። ከመላኬ በፊት ምኑን ላስተካክል?»

ምላሽ፦

ባለቤትዎም ወንድምዎም ልክ ናቸው። ረቂቁ በሦስተኛው አንቀጽ ይሳደባል፣ በአራተኛው ያስፈራራል፣ በመጨረሻው መስመር ደግሞ ይለማመጣል። ተናድዶ የሚጽፍ ሰው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ቁጣው ሲበርድ ፍርሃት ይተካዋል፣ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ይቀራሉ። እርማቱን ከቃላት አይጀምሩ። መጀመሪያ ደብዳቤውን ማን እንደሚያነበው ያስቡ። የመጀመሪያው አንባቢ ባለዕዳው ነው። ሁለተኛው የእሱ ሂሳብ ሠራተኛ ወይም ጠበቃ ነው፤ ይህ ሰው የእርስዎን ስሜት ሳይሆን ስህተትዎን ይፈልጋል። ሦስተኛው፣ ነገሩ ከከረረ፣ ደብዳቤው በማስረጃነት ተያይዞ የሚቀርብለት ዳኛ ነው። በዳኛው ፊት የሚያሳፍርዎት ዓረፍተ ነገር ካለ አሁኑኑ ይሰርዙት።

ደብዳቤው በሕግ ፊት የሚሠራው ሥራ ስላለ ከዚያ እንነሳ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት አንድ ተዋዋይ ሌላው ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ መብቱን ከመጠየቁ በፊት፣ በመርህ ደረጃ፣ እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ የሚቀርባቸው ሁኔታዎች በአንቀጽ 1775 ተዘርዝረዋል፤ ለምሳሌ በውሉ ላይ ቀኑ ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ባለዕዳው እንዳልፈጸመ ይቆጠራል ተብሎ ከተጻፈ። የእርስዎ ውል እንዲህ አይልም፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ያስፈልግዎታል። አንቀጽ 1773 የሚጠይቀው አበዳሪው እንዲፈጸምለት የሚፈልግ መሆኑ በጽሑፍ ወይም በሌላ ግልጽ ድርጊት እንዲታወቅ፣ ዕዳውም የመክፈያው ጊዜ የደረሰ እንዲሆን ነው። ከዚህ ውስጥ ስድብ፣ ማስፈራሪያ ወይም ልመና የሚጠይቅ አንድም ነገር የለም። ዕዳው ምን እንደሆነ፣ ጊዜው መድረሱን፣ እንዲከፈል መጠየቅዎን፣ እስከ መቼ እንደሚጠብቁ ከተናገሩ ደብዳቤው ሥራውን ጨርሷል። የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው፤ ትርፉ ደግሞ የሚጎዳው እርስዎን ነው።

አሁን ወደ ረቂቁ። ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ዕቃውን ብንሰጥም እርስዎ ግን ሆን ብለው በማጭበርበር ገንዘባችንን በልተው ዝም ብለዋል።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊረጋገጥ የሚችለው «ዕቃውን ብንሰጥም» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱም መቼ፣ ምን ያህል፣ ለማን ተብሎ አልተነገረም። «ሆን ብለው» የሰው ልብ ውስጥ መግባት ነው። «ማጭበርበር» የወንጀል ስም ነው፤ ባለዕዳው በስም ማጥፋት ሊከስስዎት ባይችል እንኳ ጠበቃው ከገንዘቡ ይልቅ ስለዚህ ቃል እንዲያወራ ዕድል ይሰጡታል። ሂሳብ ሳይከፍሉ የሚቆዩ ሰዎች ሁሌም የሚፈልጉት ይህን ነው፦ ወሬው ከብሩ ወደ ስድቡ እንዲዞር።

በምትኩ ውሉንና የርክክብ ሰነዱን ከፊትዎ ዘርግተው የሆነውን ብቻ ይጻፉ። «መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት 12 አልጋ፣ 12 ቁም ሣጥንና 12 ኮመዲኖ ሠርተን ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. አስረክበናል፤ ርክክቡም በድርጅትዎ ተወካይ ፊርማ ተረጋግጧል።» ይህን ያነበበ ሰው የሚከራከርበት ቅጽል አያገኝም። በርክክብ ሰነዱ ላይ ያለውን ፊርማ እንዲያስታውስ ይገደዳል፤ ያ ፊርማ ደግሞ «አጭበርባሪ» ከሚለው ቃል ይልቅ ያስጨንቀዋል።

ቀጥሎ ገንዘቡ። ረቂቅዎ ላይ በአኃዝ «ብር 243,000» በፊደል ደግሞ «ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ሺህ» ተጽፏል። ውሉ በድምሩ 486,000 ብር ነው፣ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ፤ ግማሹ በቅድሚያ ተከፍሏል፤ ስለዚህ ትክክለኛው 243,000 ነው። የአኃዙና የፊደሉ መለያየት ቀላል የጣት ስህተት ነው፤ ግን የ9,000 ብር ልዩነት ነው፣ ለሂሳብ ሠራተኛውም «መጀመሪያ ስንት እንደምትጠይቁ ተስማሙ» ብሎ ደብዳቤውን ወደ ጎን የሚያስቀምጥበት ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ዓይን አያየውም፤ የጻፈው ሰው ሲያነብ የሚያየው ያሰበውን ነውና። ስለዚህ ቁጥሮችን ለብቻቸው ያርሙ። ደብዳቤውን አትመው ለአንድ ሰው ይስጡት፤ እርስዎ ውሉን፣ ደረሰኙንና የርክክብ ሰነዱን ይዘው ቁጥሮቹንና ቀኖቹን ጮክ ብለው ያንብቡ፤ እሱ ደብዳቤው ላይ ምልክት ያድርግ። የዓረፍተ ነገሩን ትርጉም አይከተሉ፤ አኃዝ ከአኃዝ ጋር ብቻ ያመሳክሩ።

ቀኖችም እንዲሁ ይመሳከሩ። ውሉ ቀሪው ክፍያ ከርክክብ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ ይከፈላል ስለሚል የመክፈያው ጊዜ ያበቃው ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ረቂቅዎ ይህን ቀን አንድም ቦታ አይጠቅስም፤ «ጊዜው ካለፈ ቆይቷል» ይላል እንጂ። ዕዳው ጊዜው የደረሰ መሆኑ ማስጠንቀቂያው እንዲጸና የሚያስፈልግ ነገር ስለሆነ፣ ከደብዳቤው ሁሉ መቅረት የሌለበት ቀን ይህ ነው። በነገራችን ላይ ደረሰኝዎ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ውልዎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በደብዳቤው አንዱን ብቻ ይያዙ፤ «ዓ.ም.» የሚለውንም አይዝለሉ።

ከዚያ ስም። ረቂቁ የተጻፈው በበሩ ላይ በተለጠፈው የእንግዳ ማረፊያው ስም ነው። ውሉ ላይ የፈረመው ግን ሌላ ስም ያለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ዕዳ ያለበት በውሉ የተጠቀሰው ማኅበር ስለሆነ ደብዳቤው ለእሱ ይጻፍ፤ ማረፊያው የሚታወቅበትን ስም ከጎኑ መጨመር ይቻላል። ይህ ግድየለሽነት የሚመስል ነገር ኋላ «ለእኛ የደረሰ ማስጠንቀቂያ የለም» የሚል ክርክር ይወልዳል።

ስለ አጠራር አንድ ነገር ልበል፤ ከሆሄ ስህተት ይልቅ ይህ ደብዳቤን ያዋርዳል። ረቂቁ «እርስዎ» ብሎ ይጀምራል፣ መሐል ላይ «እንድትከፍል» ይላል፣ መጨረሻው ላይ «እንደምትሠሩ» ይሆናል። አንባቢው ቁጣዎ የት ላይ እንደጀመረ ከዚህ ብቻ ማወቅ ይችላል፤ አክብሮቱ የወደቀበት መስመር ላይ ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው ለድርጅት ስለሆነ «ድርጅትዎ» ብለው ይጀምሩና እስከ ፊርማው ድረስ አይለውጡት። አክብሮት ጽናትን አያላላም። እንዲያውም «እንዲከፍሉ እንጠይቃለን» የሚለው ጥብቅ ዓረፍተ ነገር «ትከፍላለህ» ከሚለው ይልቅ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ ደብዳቤ ደግሞ ለመናቅ አይመችም።

አሁን ባለቤትዎን ያስደነገጣት አንቀጽ፦

«ይህ ካልሆነ ያለ ደረሰኝ እንደምትሠሩ ለገቢዎች እናሳውቃለን፤ ለሚፈጠረውም ማንኛውም ችግር ተጠያቂ አንሆንም።»

እዚህ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች አሉ። ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። «ለሚፈጠረው ችግር ተጠያቂ አንሆንም» የሚለው ሐረግ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ላይ ከመለመዱ የተነሳ ሰዎች ሳያስቡ ይጽፉታል። ለማያውቅዎት ሰው ግን «አንድ ነገር እናደርጋለን፣ ምን እንደሆነ አንነግርህም» ማለት ነው። የሚፈጠረው ችግር ምንድን ነው? ፍርድ ቤት መሄድ ከሆነ ፍርድ ቤት ብለው ይጻፉ። ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ አይጻፍም፣ አይደረግምም። «አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እርምጃው ያልተጠራ፣ ወሳጁ ያልታወቀ።

የመጀመሪያው ይከብዳል። መብትን እጠቀማለሁ ማለት ማስገደድ አይደለም፤ «ካልከፈሉ ክስ እመሠርታለሁ» ማለት ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1708 ግን በመብት መጠቀምን ማስፈራሪያ ማድረግ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ከዋለ ነገሩ እንደሚለወጥ ይናገራል። የባለዕዳው ግብር አከፋፈል ከእርስዎ አልጋና ቁም ሣጥን ጋር ግንኙነት የለውም። የማያገናኘውን ነገር «ከከፈልክ ዝም እላለሁ፣ ካልከፈልክ አጋልጥሃለሁ» ብሎ ማያያዝ ደብዳቤውን ከመጠየቂያነት አውጥቶ ወደ ማስፈራራት ያስጠጋዋል፤ የወንጀል ሕጉም በክስና በማጋለጥ ማስፈራራትን በቸልታ አያልፍም። ሌላም ጣጣ አለው። ባለዕዳው ደንግጦ የክፍያ ስምምነት ቢፈርምልዎት፣ ነገ «ተገድጄ ነው የፈረምኩት» ለማለት የእርስዎን ደብዳቤ ራሱን ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል።

ማስፈራሪያንና ማሳወቅን ለመለየት እኔ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። የሚያደርገው ማን ነው? እርስዎ። ምን? የተጠራ፣ ሕግ የፈቀደ ነገር። መቼ? ከተወሰነ ቀን በኋላ። ለምን? ለዚሁ ዕዳ። ለአራቱም መልስ ያለው ዓረፍተ ነገር ያሳውቃል፤ አንዱ ከጎደለ ያስፈራራል። «እስከዚህ ቀን ካልተከፈለ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ክስ አቅርበን ዋናውን ገንዘብ፣ ሕጋዊ ወለድና ወጪ እንጠይቃለን» የሚለው ፈተናውን ያልፋል። ቃላቱ የረቂቅዎን ግማሽ ያህል አይጮሁም፤ ያነበበው ሰው ግን ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ከወለድ ጋር በተያያዘ ረቂቁ ላይ «በየወሩ 10 በመቶ ወለድ» ተብሏል። በውሉ ላይ እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። ተዋዋዮቹ ልክ ባልቆረጡበት ጊዜ አንቀጽ 1751 የሚያስቀምጠው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በ243,000 ብር ላይ ይህ በዓመት 21,870 ብር፣ በወር 1,822 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። የእርስዎ 10 በመቶ ግን በወር 24,300 ብር ነው። የባለዕዳው ጠበቃ ይህን ሲያይ ፈገግ ይላል፤ አንድ ቁጥር ከየትም ያልመጣ ከሆነ ሌሎቹም ይጠረጠራሉ። «ሕጋዊ ወለድ» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

«በአስቸኳይ» የሚለውንም ያውጡት። አስቸኳይ ለእርስዎ ነገ ነው፣ ለእነሱ መስከረም። አንቀጽ 1774 በማስጠንቀቂያው ላይ የጊዜ ገደብ ለማስቀመጥ ይፈቅዳል፤ ገደቡ ግን ከነገሩ ሁኔታ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ገንዘብ ለማስተላለፍ ሦስት ቀን መስጠት ችኮላ ይመስላል፣ ሁለት ወር መስጠት ደግሞ ግድ እንደሌለዎት ያሳያል። ደብዳቤው ሐምሌ 21 ቀን የሚደርስ ከሆነ እስከ ነሐሴ 9 ቀን ድረስ መስጠት ለዚህ መጠን ተመጣጣኝ ይመስለኛል። «በ15 ቀናት ውስጥ» ብለው አይጻፉ፤ ከተጻፈበት ነው ከደረሰበት የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል፣ የሥራ ቀን ነው ወይስ የዘመን መቁጠሪያ ቀን የሚልም። ቀኑን በስሙ ይጥሩት። ዓመቱ ሲያልቅ የሚላክ ደብዳቤ ላይ «በአንድ ወር» ካሉ ደግሞ ጳጉሜን መሐል ገብታ ሂሳቡን ታበላሻለች።

ወንድምዎ ልመና ያለው የመጨረሻው መስመር ነው፦ «ችግራችንን ተረድተው እንደሚተባበሩን ተስፋ እናደርጋለን።» ዕዳ መክፈል ትብብር አይደለም። የሠራተኛ ደመወዝ ስለመቸገርዎ፣ ስለ እንጨት ዋጋ መናር የሚያወራው አንቀጽም ይውጣ፤ እውነት ቢሆንም፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ስለቸገረዎት ሳይሆን ዕቃው ስለተረከበ ነው። «ቢቻል»፣ «ምናልባት ረስተውት ከሆነ» የሚሉትም በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ላይ ያምሩ ነበር፤ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ግን ቦታቸው አይደለም።

በዚያ ቦታ የሚገባ አንድ ጠቃሚ ዓረፍተ ነገር አለ፦ በሂሳቡ ላይ ልዩነት ካለ እስከዚያው ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቁ መጠየቅ። ይህ ደብዳቤውን ፍትሐዊ ያደርገዋል፤ ሌላም ጥቅም አለው። «ልዩነት የለም፣ በሁለት ጊዜ እንክፈል» ብለው ቢመልሱ ዕዳውን ማመናቸው ነው። በአንቀጽ 1845 የተቀመጠው የ10 ዓመት የይርጋ ጊዜ የሚቋረጠው፣ በአንቀጽ 1851 መሠረት፣ ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ወይም ክስ ሲመሠረት ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን አያቋርጠውም። ለእርስዎ ጉዳይ ይርጋው ሩቅ ነው፤ የጽሑፍ እምነት ግን ነገ ክስ ቢመጣ ግማሽ ክርክር ይቀንሳል።

ግልባጩን ሳልረሳ። ከፊርማው ሥር «ግልባጭ፦ ለፖሊስ መምሪያ፣ ለገቢዎች ቢሮ፣ ለንግድ ቢሮ» ብለዋል። ከላይ ያወጣነውን ማስፈራሪያ በጓሮ በር መልሶ ማስገባት ነው። ያልተከፈለ የሽያጭ ቀሪ ሂሳብ የፖሊስ ጉዳይ አይደለም። ሂሳቡን የሚያዘው ሰው በዚያው ማኅበር ውስጥ ከሆነ «ለፋይናንስ ክፍል» ብሎ ግልባጭ ማድረግ ግን ብልህነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚወጣው ደብዳቤው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው።

ይህን ሁሉ ከተቀበሉ ደብዳቤው በዚህ መልክ ይቀራል። ስሞቹን እርስዎ ይሙሉ።

ቁጥር፦ ……
ቀን፦ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ…… ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በውል መሠረት ያልተከፈለ ቀሪ ሂሳብ እንዲከፈል የተሰጠ ማስጠንቀቂያ

መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከድርጅትዎ ጋር በተፈራረምነው ውል መሠረት 12 አልጋ፣ 12 ቁም ሣጥንና 12 ኮመዲኖ ሠርተን ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. አስረክበናል። የውሉ ጠቅላላ ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ ብር 486,000.00 ሲሆን ብር 243,000.00 በቅድሚያ ተከፍሎናል። ቀሪው ብር 243,000.00 (ሁለት መቶ አርባ ሦስት ሺህ ብር) በውሉ መሠረት እስከ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. መከፈል ሲገባው እስካሁን አልተከፈለም።

ስለሆነም ድርጅትዎ ይህን ቀሪ ሂሳብ እስከ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. የሥራ ሰዓት ማብቂያ ድረስ በውሉ በተገለጸው የባንክ ሂሳባችን ገቢ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። በሂሳቡ ላይ ልዩነት ካለ እስከዚሁ ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን።

ክፍያው እስከተጠቀሰው ቀን ካልተፈጸመ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ክስ አቅርበን ዋናውን ገንዘብ ከሕጋዊ ወለድና ወጪ ጋር የምንጠይቅ መሆኑን እናሳውቃለን።

ከሠላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም)

አባሪ፦ የውሉና የርክክብ ሰነዱ ቅጂ
ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል

«ለመጨረሻ ጊዜ» የሚል ቃል እንዳልጨመርኩ ልብ ይበሉ። ነሐሴ 10 ቀን ክስ ለማቅረብ ካልተዘጋጁ አይጻፉት፤ ሁለተኛ «የመጨረሻ» ደብዳቤ የላከ ሰው ሦስተኛውን የሚያነብለት አያገኝም።

ሁለት ቅጂ አትመው ሁለቱንም ይፈርሙ፤ አንዱን አስረክበው በሌላው ላይ የተረካቢውን ስም፣ ቀንና ፊርማ፣ ከተቻለም የመዝገብ ቤቱን ማኅተም ያስደርጉ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ አልፈርምም ካለች አይከራከሯት፤ ያንኑ ቀን በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ከቅጂው ጋር ያያይዙት። ከመላክዎ በፊት ግን ውሉ ላይ ማስታወቂያ በምን መንገድ እንደሚሰጥ የተጻፈ ነገር ካለ ይመልከቱ፤ ለእኔ የላኩልኝ የውሉ ቅጂ ሦስተኛው ገጽ ስለማይነበብ ይህን ማየት አልቻልኩም።